ሰረዝ፣ ባዶ ሳጥንና ዜሮ አንድ አይደሉም፦ ስለ ሠንጠረዥ አሞላል ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በሠንጠረዥ ላይ ሰረዝ ቢሰመር፣ ሳጥኑ ባዶ ቢተው፣ ዜሮ ቢጻፍ ያው ነው፤ ሦስቱም ‹ምንም የለም› ነው የሚሉት። ሰረዝ ዜሮ መሆኑን ደግሞ የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በበጋ ወራት ዜሮ ሲደረደር ገጹ ይጨናነቃል፤ ባዶውን መተው ያምራል፣ አንባቢም ይገባዋል። የድሮ ሠንጠረዥ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ያልተሞላውን ሁሉ ዜሮ ማድረግ ነው፤ ዜሮ ድምርን አይለውጥም፣ ኮምፒውተርም ባዶ ሳጥን አይወድም። ለእያንዳንዱ ልዩ ምልክት እንስጥ ማለት ሰው ማደናገር ነው፤ መፍቻውን ማን ያነበዋል?»

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ በጸሐፊው በራሳቸው ቃል ይኸው ነው። ጸሐፊው ለዓመታት ሪፖርት ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ አንዳንዱን ነገራቸውን እኔም እቀበላለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት፣ እዚህ ጎጃም ውስጥ የድሮ የዝናብና የሰብል ሠንጠረዦችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የምንገለብጥ ሰዎች ምክሩን ተከትለን ብንሠራ የሚበላሸው ነገር ተመልሶ ስለማይቃና ነው። ያልታወቀው ቁጥር አንዴ ዜሮ ተብሎ ከተጻፈ፣ ከእውነተኛው ዜሮ የሚለየው አንዳች ነገር በፋይሉ ውስጥ አይቀርም። ወረቀቱ ደግሞ ያረጃል፣ ይቀደዳል፣ መጋዘን ሲጸዳ ይጣላል።

ምላሼን በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ላይ አተኩሬ እሰጣለሁ፤ በዕለታዊ የዝናብ ሠንጠረዥ። ምክንያቱም ዜሮውም፣ ያልተመዘገበውም፣ ጭራሽ ሊኖር የማይችለውም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሚገኙት እዚያ ነው። ሠንጠረዡ ከላይ ወደ ታች 31 ቀናት፣ ከግራ ወደ ቀኝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 12 ወራት አሉት። የጣቢያው ሠራተኛ በየዕለቱ ጠዋት በ3 ሰዓት ወደ መለኪያው ሄዶ ባለፉት 24 ሰዓታት የተጠራቀመውን ውኃ በመለኪያ ብርጭቆ ይለካና በሚሊሜትር ይጽፋል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውኃ ነው።

ስለ ሰረዙ

በሒሳብ መዝገብ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የሒሳብ ባለሙያ ሰረዝ ሲያሰምር በዚያ መደብ ላይ ገቢም ወጪም እንዳልነበረ አረጋግጦ ነው፤ በገንዘብ መዝገብ ላይ «አላውቀውም» የሚባል ሳጥን መኖርም የለበትም። ኤክሴልም ይህን ልማድ ይዞ ነው የተሠራው፤ አንድ ዓምድ Accounting በሚለው የቁጥር ቅርጽ ሲዘጋጅ ውስጡ 0 ያለበት ሳጥን በስክሪንም በወረቀትም ሰረዝ ሆኖ ይወጣል። ከአገር ውጭም ድጋፍ አለው። በጀርመን መንግሥታዊ ስታቲስቲክስ ሰረዝ «ከናካቴው የለም» ማለት ነው፤ 0 ደግሞ «አለ፣ ነገር ግን ከተጠቀምንበት መለኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም» ማለት ነው። ስለዚህ ልማዱ መሠረት የለውም የሚለኝ ቢኖር እኔው እከራከረዋለሁ።

ነገር ግን የሒሳብ ሰው ልማድ የሁሉ ሙያ ልማድ አይደለም። በብዙ የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ሰረዝ «አልተለካም» ማለት ሆኖ ነው የኖረው። የዓለም ባንክ ሠንጠረዦች ያልተገኘን መረጃ በሁለት ነጥብ (..) ያመለክታሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በላይና በታች የተቀመጡ ሁለት ነጥቦችን (:) ይጠቀማል። ሁለቱም ያልታወቀው ነገር ከዜሮ ጋር እንዳይምታታ የራሱ ምልክት ሰጥተውታል። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግን የፋይናንስ ሠራተኛውና የግብርና ባለሙያው በአንድ ኮሪደር እየሠሩ፣ ያንኑ ሰረዝ አንዱ ለዜሮ፣ ሌላው ለጎደለ መረጃ ያሰምሩታል። ሠንጠረዦቹ በአንድ ጥራዝ ሲታተሙ አንባቢው ሰረዙን ማን እንዳሰመረው በምን ያውቃል?

ከሠንጠረዡ ውስጥ ፍንጭ የሚገኝበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ፣ በዚያው ዓምድ ላይ 0.0 ተብሎ የተጻፈ ሳጥን መኖሩን ማየት ነው። ካለ፣ ሠንጠረዡን የሞላው ሰው ዜሮን የሚጽፍበት መንገድ ነበረውና ሰረዙ ሌላ ነገር ለማለት የገባ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ የታተመውን ድምር መመልከት ነው። ሰረዝ ባለበት ወር ሥር ድምሩ በቁጥር ከተጻፈ፣ ያዘጋጀው ሰው ሰረዙን እንደ ዜሮ ቆጥሮታል፤ ድምሩ ራሱ ሰረዝ ከሆነ ግን ወሩ ያልተሟላ ነው ማለቱ ነው። «ዝናብ የጣለባቸው ቀናት» የሚል መስመር ካለ ደግሞ ቁጥር ያለባቸውን ሳጥኖች ቆጥሮ ከዚያ ጋር ማነጻጸር ነው። እነዚህ ሁሉ እያሉም እርግጠኛ መሆን የማይቻልባቸው ገጾች አሉ፤ በዚህ ጊዜ ሰረዙን እንደ ሰረዝ ገልብጦ «ትርጉሙ አልታወቀም» ብሎ መመዝገብ እንጂ መገመት አያስፈልግም።

ሌላም አለ፤ ሰረዝ ከመቀነስ ምልክት ጋር ይመሳሰላል። በዝናብ ሠንጠረዥ ላይ ከዜሮ በታች ቁጥር ስለሌለ ይህ አያስቸግርም። በሙቀት ሠንጠረዥ ላይ ግን ያስቸግራል። ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 4,100 ሜትር አካባቢ ከፍ በሚለው የጮቄ ተራራ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። «- 1» የሚል ሳጥን በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ ሲገኝ አንዱ ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ሰረዙ ከጎን ካለው ሳጥን የመጣ ነው ብሎ አንድ ዲግሪ ያደርገዋል። ስለዚህ እኔ በአየር ጠባይ ሠንጠረዥ ላይ ሰረዝን ጨርሶ አለመጠቀምን እመርጣለሁ። ለሒሳብ ሰዎች ይቆይላቸው።

ስለ ባዶው ሳጥን

ገጹ ይጨናነቃል የተባለው እውነት ነው። በጎጃም ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው የሠንጠረዡ ክፍል አብዛኛው ዜሮ ነው፤ 0.0 ከላይ እስከ ታች ሲደረደር ዓይን ይደክማል፣ መሐል ላይ የወረደችው የ4 ሚሊሜትር ዝናብም በዜሮዎቹ መካከል ትዋጣለች። ለዚህ ግን ዜሮውን ማጥፋት ሳይሆን ማደብዘዝ ይቻላል፤ ዜሮዎቹን በቀጭን ፊደል፣ ዝናብ የጣለበትን ቀን በደማቅ ማተም ማለት ነው።

ባዶ ሳጥን ያልተሞላ መሆኑን እንጂ ለምን እንዳልተሞላ አይናገርም። ዝናብ ስላልጣለ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው ታሞ ወይም ለቅሶ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የገለበጠችው ጸሐፊ አንድ መስመር ዘልላ ሊሆን ይችላል። ማተሚያው ቀለም ጨርሶም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀኑ ራሱ የሌለ ሊሆን ይችላል። 31 ቀን በ12 ወር 372 ሳጥን ነው፤ ዓመቱ 365 ቀን ሲሆን 7ቱ፣ 366 ሲሆን 6ቱ ሳጥኖች ባለቤት የላቸውም፣ እንደ ፌብሩዋሪ 30 እና ኤፕሪል 31 ያሉት። በእኛ አቆጣጠር 13 ወር በ30 ቀን ሠንጠረዥ ቢሠራማ 390 ሳጥን ይሆንና ከጳጉሜን ሥር ብቻ 25 ሳጥን ባዶ ይቀራል፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 24። እነዚህን ዜሮ ማለት ስሕተት ነው፣ የጎደለ መረጃ ማለትም ስሕተት ነው። የሚሞላ ነገር የለም።

«አንባቢ ይገባዋል» የሚለው የሚሠራው አንባቢው ክልሉን ሲያውቅና ወሩ ግልጽ ሲሆን ብቻ ነው። በጃንዋሪ ባዶ የሆነን ሳጥን የጎጃም ሰው ዜሮ ብሎ ቢያነበው ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። በኦገስትስ? በባሕር ዳር ጁላይና ኦገስት እያንዳንዳቸው በአማካይ ከ300 ሚሊሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ወራት ናቸው። አንድ ሁለት ደረቅ ቀን ይኖራል፤ ሰባት ተከታታይ ባዶ ሳጥን ግን ደረቅ ሳምንት ነው ከማለት በፊት ሠራተኛው የት ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚያስቸግሩት ደግሞ ሜይና ኦክቶበር ናቸው፤ በእነዚህ ወራት ሳምንት ሙሉ ሳይዘንብ መክረሙም፣ 30 ሚሊሜትር በአንድ ሌሊት መውረዱም ያለ ነገር ነው። እዚያ ላይ ወሩ ራሱ አይነግረንም።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። አንዳንዱ ሠራተኛ የሚጽፈው ዝናብ በጣለበት ቀን ብቻ ነበር፤ ባዶ ማለት ለእሱ ዜሮ ነው። ይህን ማረጋገጥ ከተቻለ ባዶውን ወደ 0.0 መለወጥ ተገቢ ነው። ማረጋገጫው አብዛኛውን ጊዜ በአጠገቡ ባለው ዓምድ ላይ ይገኛል። የዚያን ዕለት የሙቀት መጠን በዚያው ጠዋት ተጽፎ ከሆነ ሠራተኛው ጣቢያው ላይ ነበር፣ ባዶው ዜሮ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የሙቀቱም ዓምድ አብሮ ባዶ ከሆነ ግን ሰውየው አልነበረም ማለት ነው፤ ያ ሳጥን ዜሮ አይባልም። ይህን ለማየት ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፣ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ጎረቤት ጣቢያ ማየትም ይረዳል፣ ግን በጥንቃቄ፤ የክረምት ነጎድጓዳማ ዝናብ አንዱን ቀበሌ አጥቦ ሌላውን ሊዘል ስለሚችል የዳንግላ ዝናብ ለባሕር ዳር ምስክር አይሆንም። ለበርካታ ተከታታይ ቀናት ሲሆን ግን ጥርጣሬን ያጠናክራል።

ስለ ዜሮው

ዋናው ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ምሳሌ በቁጥር ልሥራ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው፣ መጠናቸው ግን ከጎጃም ክረምት የራቀ አይደለም። በአንድ ጣቢያ በኦገስት ወር 26 ቀናት ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ 24ቱ ዝናብ የጣለባቸው፣ 2ቱ 0.0 የተጻፈባቸው ናቸው። የ26ቱ ቀናት ድምር 338 ሚሊሜትር ነው። መለኪያው ለጥገና ተነሥቶ ስለነበር ከ11 እስከ 15 ያሉት 5 ቀናት አልተመዘገቡም።

አምስቱን ቀናት ዜሮ ብንላቸው 338 እንዳለ 338 ነው፤ እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የተለወጠው ድምሩ ሳይሆን ድምሩ የምን እንደሆነ ነው። 338 የ26 ቀን ዝናብ ነበር፤ ዜሮ ስንሞላ የ31 ቀን ዝናብ ሆኖ ተጻፈ። አማካዩን ስናሰላ ይህ ይገለጣል። 338 ለ26 ሲካፈል በቀን 13.0 ሚሊሜትር ነው፤ ለ31 ሲካፈል 10.9። ያልተመዘገቡት ቀናት እንደ ሌሎቹ ዘንቦባቸዋል ብለን ብናስብ ወሩ ወደ 403 ሚሊሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ 65 ሚሊሜትር፣ ማለትም በአንድ ሄክታር ላይ 650 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ይህን ያህል ውኃ ከሠንጠረዡ ላይ የጠፋው መለኪያው ስለተነሣ ብቻ ነው። እዚህ ላይ 403ን ጻፉ እያልኩ አይደለም፤ እሱም ግምት ነው። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት መመሪያ እንደ ዝናብ በሚደመር ነገር ላይ ጥብቅ ነው፤ የወሩ ቀናት በሙሉ ካልተመዘገቡ፣ ወይም ያልተነበቡት ቀናት ውኃ በኋላ በአንድነት ካልተለካ በቀር የወር ድምር አይሰጥም። ድምሩም እንደ ቀኖቹ «አልታወቀም» ይባላል።

በዚያው ምሳሌ ከድምር ሌላ የሚበላሸውን ተመልከቱ። በመዝገቡ ደረቅ ቀናት ሁለት ነበሩ፤ ዜሮ ከሞላን በኋላ ሰባት ሆኑ፣ አምስቱም ተከታታይ። የዝናብ መቆራረጥ በጤፍና በዳጉሳ ላይ የሚያደርሰውን የሚያጠና ባለሙያ ይህን ፋይል ሲከፍት በክረምቱ እምብርት ላይ የአምስት ቀን ድርቅ ያያል። ድርቅ አልነበረም፤ ያልነበረው መለኪያው ነው።

ጉዳዩ የአንድ ወር ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። መረጃ የሚጎድለው እንደ ዕጣ በዘፈቀደ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ አካባቢ በአገራችን ብዙ ጣቢያዎች መዝገባቸው ተቋርጧል። በመንገድ መዘጋት፣ በጸጥታ ችግር፣ በበጀት መቋረጥ ሠራተኛው ከጣቢያው የሚርቅባቸው ዓመታት ለብዙ ጣቢያዎች ተመሳሳይ ናቸው። እነዚያን ሁሉ ዜሮ ብንሞላቸው የችግር ዓመታት ሁሉ የድርቅ ዓመታት ሆነው ይወጣሉ፤ ጎረቤት ጣቢያዎችም አብረው ስለጎደሉ እርስ በርስ የሚመሰካከሩ ይመስላሉ። ያን ጊዜ ስሕተቱን ለመያዝ በጣም ይከብዳል።

ድምሩ ትክክል ሆኖ ቀኖቹ ሐሰት የሚሆኑበት ሁኔታም አለ። ሠራተኛው በ12 እና በ13 አልመጣም፤ በ14 ጠዋት ሲመጣ መለኪያው ውስጥ 41.6 ሚሊሜትር አገኘ። ውኃው የሦስት ቀን ጥርቅም ነው፤ የወሩ ድምር ላይ አንድ ጠብታ አልጎደለም። በ12 እና በ13 ላይ ዜሮ ከተጻፈ ግን 41.6ቱ በሙሉ በአንድ ቀን የወረደ ይሆናል። ለመንገድ የውኃ ማስወገጃ ቱቦ ስፋት የሚያሰላ መሐንዲስ የሚፈልገው የወር ድምር ሳይሆን በአንድ ቀን የወረደውን ከፍተኛ ዝናብ ነው፤ ያልነበረ ጎርፍ ይዞ ይሄዳል።

ከዝናብ ስንወጣ ዜሮ ይበልጥ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም በሌላ ዓምድ ዜሮ «የለም» ማለት አይደለም። በሙቀት ዓምድ ላይ 0 ውኃ የሚረጋበት ብርድ ነው፤ ያልተመዘገበን ሌሊት 0 ማለት በባሕር ዳር ላይ ውርጭ ማውረድ ነው። የምርታማነትን ዓምድ ደግሞ ተመልከቱ። ሦስት ቀበሌዎች አሉ እንበል። በአንደኛው ስንዴ በሄክታር 24 ኩንታል፣ በሁለተኛው 30 ኩንታል ተገኘ፤ ሦስተኛው ስንዴ አልዘራም። ለሦስተኛው የተዘራው መሬት 0 ሄክታር፣ ምርቱም 0 ኩንታል ነው፤ ሁለቱም እውነተኛ ዜሮዎች ናቸው። በሄክታር የተገኘው ግን 0 አይደለም፤ ዜሮ ለዜሮ አይካፈልም፣ ጥያቄው ራሱ ቀበሌውን አይመለከተውም። እዚያ 0 ከተጻፈ የሦስቱ አማካይ ከ27 ወደ 18 ይወርዳል። (አማካዩ በመሬቱ ስፋት ተመዝኖ መሠራት እንዳለበት አውቃለሁ፤ በሪፖርቶች ላይ ግን እንዲሁ የሚካፈለው ይበዛል።) በሄክታር 0 ኩንታል መባል ያለበት ዘርቶ በረዶ ሙልጭ አድርጎ የመታበት ገበሬ ማሳ ነው። ያልዘራውንና በረዶ የመታውን በአንድ ምልክት ካስቀመጥን እርዳታ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት አንችልም።

ኮምፒውተርን በተመለከተ፣ ባዶ ሳጥን አያስቸግረውም። በኤክሴል `AVERAGE` ባዶ ሳጥንን ዘልሎ የተመዘገቡትን ብቻ ያካፍላል፤ 0ን ግን ይቆጥራል። ስለዚህ ባዶን በዜሮ መሙላት ኮምፒውተሩ በትክክል የሚሠራውን ሥራ ማበላሸት ነው። የሚያስቸግረው `SUM` ነው፤ የጎደለ ቀን መኖሩን ሳይናገር ያለውን ደምሮ ይሰጣል። መፍትሔው ከመደመር በፊት ማስቆጠር ነው። ቀናቱ ከ`B2` እስከ `B32` ለተጻፉበት የ31 ቀን ወር እንዲህ ይጻፋል፦

```
=IF(COUNT(B2:B32)=31,SUM(B2:B32),"..")
```

`COUNT` ቁጥር ያለባቸውን ሳጥኖች ብቻ ስለሚቆጥር 31 ካልሞሉ በድምሩ ቦታ ሁለት ነጥብ ይወጣል። ይህ የሚሠራው እውነተኛዎቹ ዜሮዎች በሙሉ በቁጥር ከተጻፉ ነው፤ ዜሮን ባዶ መተው የማይበጅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በጥርቅም የተለካ ወር ላይ ግን ቀመሩ «..» ይላል፣ ድምሩ ትክክል ቢሆንም፤ ያን ወር በእጅ ማየት ያስፈልጋል። ፋይሉ ውስጥ ሰረዝ መጻፍም አይበጅም። `=B12+B13` የሚል ቀመር ሰረዝ ሲያገኝ `#VALUE!` ይላል፤ ይህስ ደግ ነው፣ ስሕተቱን ያሳያል። የመስመር ግራፍ ሲሠራ ግን ኤክሴል ሰረዝ የተጻፈበትን ሳጥን እንደ ዜሮ አድርጎ መስመሩን ወደ ታች ይደፋዋል፣ ባዶውን ግን ክፍት ይተወዋል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ የጎደለው ባዶ ይሁን፣ በአጠገቡ ባለ ዓምድ ላይ የጎደለበት ምክንያት ይጻፍ፤ ሲታተም ደግሞ ባዶው በምልክት ይተካ። ፋይልና ወረቀት አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም።

ስለ ምልክቶቹ ብዛት

ምልክት ሲበዛ አንባቢ ይሰለቻል፣ እስማማለሁ። ገጹን በኮከብ፣ በመስቀልና በፊደል የሞላ ሠንጠረዥ እኔም አይቻለሁ፤ ማንም አይከተለውም። ለዕለታዊ የዝናብ ሠንጠረዥ ግን አራት ይበቃሉ። ደረቅ ቀን 0.0 ነው። ያልተመዘገበ ቀን ሁለት ነጥብ ነው። የሌለ ቀን ✕ ነው። አራተኛው ለካፊያ ነው፤ መሬቱን አርሶ ብርጭቆው ላይ ግን 0.1 ሚሊሜትር ያልሞላ ዝናብ 0.0 ከተባለ ዘንቦ እንዳልዘነበ ይሆናል፣ 0.1 ከተባለ ደግሞ ያልተለካ ይጨመራል። ስለዚህ በሚታተመው ላይ «ጠ» ብለን እንጽፈው፣ ከላይ ያለው ቀመር እንዲቆጥረው በፋይሉ ውስጥ ግን 0 ይሁንና «ጠ» በአጠገቡ ባለው ዓምድ ይጻፍ፤ በድምር ላይ ዜሮ ነው፣ የዘነበበትን ቀን ለማወቅ ግን ይጠቅማል። ጥርቅም ካለ ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ይደረጋል። ከላይ በጠቀስኩት ጥርቅም አንድ ቁራጭ ቢታተም ይህን ይመስላል፦

| ቀን | ፌብሩዋሪ | ኦገስት |
|---|---|---|
| 12 | 0.0 | .. |
| 13 | ጠ | .. |
| 14 | 0.0 | 41.6* |
| 29 | ✕ | 9.2 |
| 30 | ✕ | 0.0 |
| 31 | ✕ | 17.8 |

በዚህ ቁራጭ ውስጥ አንድም ባዶ ሳጥን የለም። ስለዚህ ሲገለበጥ ባዶ ሳጥን ከተገኘ ገልባጩ የዘለለው ነው ማለት ነው፤ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። በጸሐፊው መንገድ ቢታተም ግን ከላይ ያሉት አምስት ዓይነት ሳጥኖች፣ ማለትም ደረቁ፣ ካፊያው፣ ያልተነበበው፣ የሌለውና የተዘለለው በሙሉ አንድ መልክ ይኖራቸዋል።

መፍቻውን ማንም አያነበውም የተባለው ግን የምልክቱ ጥፋት ሳይሆን የቦታው ነው። መፍቻው በጥራዙ መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ከታተመ በእርግጥም አይነበብም። ከዚህም በላይ ጥራዙ እንደ ጥራዝ አይዞርም፤ አንዱ ወረዳ የሚፈልጋትን አንዲት ገጽ ፎቶ ኮፒ አንሥቶ ይሄዳል፣ ከዚያችም ኮፒ ሌላው ይገለብጣል። ስለዚህ መፍቻው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ርእስ ሥር፣ ከቁጥሮቹ በላይ በአንድ መስመር መታተም አለበት፦ «0.0 ዝናብ የለም፤ ጠ ከ0.1 ሚ.ሜ. ያነሰ፤ .. አልተመዘገበም፤ ✕ ቀኑ የለም፤ * የብዙ ቀን ጥርቅም»። ሁለቱ ነጥቦች በደካማ ማሽን ሲባዙ እንዳይጠፉ ደግሞ በደማቅ ይታተሙ።